600 ኩንታል

ሰኔ 29፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያሉት የሕንፃ መሣሪያ ሱቆች ዘግተዋል። ሊዲያ ግን የሂሳብ ሶፍትዌሩን ፒችትሪን ከፍታ አንድ መስመር ላይ ተተክላለች። ሲሚንቶ፣ የቆጠራ ማስተካከያ፣ 600 ኩንታል ጭማሪ።

ከማስተካከያው በፊት መዝገቡ -390 ይል ነበር። መጋዘን ውስጥ የተቆጠረው 210 ነው። የፋይናንስ ኃላፊዋ ወይዘሮ አልማዝ "በቆጠራው ይስተካከል" ብለው አለፉት። ትርፉም ከ364,000 ወደ 1,204,000 ብር ዘለለ።

ሊዲያን እንቅልፍ የነሳት ይሄ ነው። የሌለ ሲሚንቶ አይሸጥም። 600 ኩንታል ከሰማይ አልወረደም፤ አንድ ሰው አምጥቶታል፣ ገንዘቡንም ይጠብቃል።

መጋዘን ወረደች።

"ጋሽ ተሰማ፣ ሰሞኑን ሲሚንቶ ገብቶ ነበር እንዴ?"

"አዎ ልጄ፣ በሁለት መኪና። ጋሼ ናቸው በስልክ ያዘዙት። ደረሰኙ ኋላ ይመጣል አሉኝ።"

ከመሳቢያው ሁለት የማስረከቢያ ወረቀት አወጡላት። ለአራት ተጣጥፈዋል፤ እጥፋቱ ውስጥ የሲሚንቶ ብናኝ አለ። ሰኔ 21፣ 300 እና 300 ኩንታል። ጥግ ላይ በእስክርቢቶ "በዱቤ፣ 1,400" ተጽፏል። 840,000 ብር ዕዳ፣ የትም ያልተመዘገበ።

ለወይዘሮ አልማዝ ደወለች።

"ደረሰኙ ሐምሌ ላይ ሲመጣ እንመዘግበዋለን። አቶ ግርማ እኮ ትርፉን ለባንክ ነግረዋል።"

"ዕቃው የገባው ግን ሰኔ ላይ ነው።"

"እንግዲያው ራስሽ ንገሪያቸው።"

እጇ እየተንቀጠቀጠ ደወለች። ለአንዲት ጀማሪ ሠራተኛ በዚያ ሰዓት ለባለቤቱ መደወል ቀላል አይደለም።

"ጋሼ፣ በዚህ ሰዓት ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ።" ሁሉንም ነገረቻቸው።

"ትርፉ ስንት ሊሆን ነው?"

"364,000።"

"ባንኩ የሚያውቀው አንድ ነጥብ ሁለት ሚሊዮን ነው።"

"አውቃለሁ። ግን እንዲህ ከዘጋነው በሌለ ትርፍ ላይ 252,000 ብር ግብር እንከፍላለን። የሲሚንቶው ባለቤትም ብሩን መጠየቁ አይቀርም።"

አቶ ግርማ ብዙ ቆዩ። ከበስተጀርባ ቴሌቪዥን ይሰማል።

"ወረቀቱ እጅሽ ላይ ነው?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"በይ መዝግቢው። ባንኩን እኔ እጋፈጠዋለሁ። አዲሱን ሪፖርት ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ አኑሪልኝ።"

ማስተካከያውን ሰረዘችው። ዴቢት ስቶክ 840,000። ክሬዲት፣ ደረሰኝ ያልመጣለት ተከፋይ ሂሳብ 840,000። ቫቱን አልነካችውም፤ እሱ ደረሰኙን ይጠብቃል። የማስረከቢያዎቹን ቁጥር ማብራሪያው ላይ ጻፈች፣ ኦዲተር ሲመጣ እንዳይፈልግ።

ከዚያ ተመልሳ ወረደች።

"ጋሽ ተሰማ፣ ከሰኔ 15 ወዲህ የገባውን ሁሉ ልየው። ሌላ ያልሰጡኝ ወረቀት አለ?"

"ብረትም ገብቶ ነበር መሰለኝ" አሉና መሳቢያውን ከነሙሉው ነቅለው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት።