የክፍያ መጠየቂያ (ኢንቮይስ) ቁጥር 0147/16

ዝግባ የቤትና የቢሮ ዕቃዎች ማምረቻ
የእንጨትና የብረት ሥራ
አዲስ አበባ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ 05፣ ጀርመን አደባባይ አካባቢ
ስልክ፦ 0911 00 00 47
የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን)፦ 0012345678
የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባ ቁጥር፦ 1234560016

ለ፦ እንጎቻ ካፌና ሬስቶራንት ኃ/የተ/የግ/ማ
አዲስ አበባ፣ ቦሌ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ 03
የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን)፦ 0087654321
ለሚመለከተው፦ ወ/ሮ ሰላማዊት፣ ሥራ አስኪያጅ
ግልባጭ፦ ለሒሳብ ክፍል

| | |
|:---|---:|
| ኢንቮይሱ የተዘጋጀበት ቀን | ማክሰኞ፣ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም. |
| የመክፈያ የመጨረሻ ቀን | ረቡዕ፣ ጥር 29 ቀን 2016 ዓ.ም. |
| የውል ቀን | ኅዳር 10 ቀን 2016 ዓ.ም. |
| ዕቃው የተረከበበት ቀን | ጥር 8 እና 9 ቀን 2016 ዓ.ም. |
| አሁን የሚከፈል | 146,173.00 ብር |

ውድ ወ/ሮ ሰላማዊት፣

እንኳን ለጥምቀት በዓል በሰላም አደረሰዎት። ካፌው ለበዓሉ ክፍት እንዲሆን ስለፈለጋችሁ ወንበሮቹንና ጠረጴዛዎቹን ጥር 8 አስረከብን። ባንኮኒውንና መደርደሪያዎቹን ደግሞ በማግስቱ ገጥመን ጨርሰናል። የርክክብ ሰነዱ ላይ የእናንተ ንብረት ክፍል ቆጥሮ ፈርሟል፤ ኮፒው ከዚህ ጋር ተያይዟል። በውላችን መሠረት የቀረው ክፍያ ከዚህ በታች በዝርዝር ቀርቧል።

የሥራው ዝርዝር

| ተ.ቁ | ዝርዝር | መለኪያ | ብዛት | የአንዱ ዋጋ (ብር) | ጠቅላላ ዋጋ (ብር) |
|:---:|:---|:---:|---:|---:|---:|
| 1 | የዋንዛ ወንበር፣ መደገፊያ ያለው፣ ስፖንጅና ቡናማ ሌዘር መቀመጫ | ቁጥር | 40 | 3,200.00 | 128,000.00 |
| 2 | አራት ሰው የሚያስቀምጥ ጠረጴዛ፣ ላዩ ዋንዛ፣ እግሩ ጥቁር ቀለም የተቀባ ብረት፣ 80 በ80 ሳ.ሜ. | ቁጥር | 10 | 6,850.00 | 68,500.00 |
| 3 | የቡና ማፍያ ባንኮኒ፣ 3.20 ሜ. ርዝመት፣ በውስጡ መሳቢያና ቁም ሳጥን ያለው (እብነ በረዱ በደንበኛው የቀረበ) | ቁጥር | 1 | 46,000.00 | 46,000.00 |
| 4 | የግድግዳ መደርደሪያ፣ ባለ አራት ደርብ | ቁጥር | 2 | 9,750.00 | 19,500.00 |
| 5 | ማጓጓዣ፣ ማውረጃና መግጠሚያ | ጥቅል | 1 | 6,500.00 | 6,500.00 |

ድምር

| | ብር |
|:---|---:|
| የዕቃና የአገልግሎት ድምር | 268,500.00 |
| ሲቀነስ፦ በወንበሮቹ ላይ 5% ቅናሽ | −6,400.00 |
| ታክስ የሚሰላበት መጠን | 262,100.00 |
| ሲደመር፦ ተጨማሪ እሴት ታክስ 15% | 39,315.00 |
| ጠቅላላ ዋጋ ከነታክሱ | 301,415.00 |
| ሲቀነስ፦ ኅዳር 12 ቀን 2016 የተከፈለ ቀብድ | −150,000.00 |
| ሲቀነስ፦ ዊዝሆልዲንግ 2% (ከ262,100.00 ላይ) | −5,242.00 |
| አሁን የሚከፈል | 146,173.00 |

በፊደል፦ አንድ መቶ አርባ ስድስት ሺህ አንድ መቶ ሰባ ሦስት ብር ብቻ።

ስለ ስሌቱ

የሒሳብ ክፍላችሁ ደውሎ ከመጠየቅ እንዲያርፍ ሦስት ነገር ላብራራ።

ቅናሹ የወንበሮቹ ብቻ ነው። በውሉ ላይ ከ30 ወንበር በላይ ለሚያዝ ደንበኛ 5% እንቀንሳለን ብለን ነበር፤ የ128,000 ብሩ 5% ደግሞ 6,400 ብር ይመጣል። ቫቱ የተሰላው ቅናሹ ከወጣ በኋላ ነው። ስለዚህ ባልከፈላችሁት ገንዘብ ላይ ታክስ አልተጨመረባችሁም።

ዊዝሆልዲንጉ የሚቀነሰው ከቫት በፊት ካለው ዋጋ ላይ ነው። ቀብዱን ስትከፍሉ ምንም ስላልተቀነሰ፣ አሁን የጠቅላላው ሥራ በአንድ ላይ ተይዟል። ይህን 5,242 ብር በእኛ ስም ለግብር ሰብሳቢው የምታስገቡት እናንተ ናችሁ። የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙን ከክፍያው ጋር ብትልኩልን በጣም እናመሰግናለን። ያለ እሱ ዓመታዊ ግብራችን ላይ ልናቀናንሰው አንችልም፤ ለእንደኛ ዓይነት ትንሽ ድርጅት ደግሞ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

የእብነ በረዱ ዋጋ እዚህ ውስጥ የለም። ድንጋዩን ራሳችሁ ስላመጣችሁ የመግጠሚያ ጉልበቱ ብቻ በተራ ቁጥር 5 ተካቷል።

የአከፋፈል ሁኔታ

| | |
|:---|:---|
| ባንክ | የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ |
| የሒሳቡ ስም | ዝግባ የቤትና የቢሮ ዕቃዎች ማምረቻ |
| የሒሳብ ቁጥር | 1000012345678 |
| የክፍያ ምክንያት ላይ የሚጻፍ | እንጎቻ 0147/16 |
| መጠን | 146,173.00 ብር |

በሞባይል ባንኪንግም ሆነ በቅርንጫፍ ማስገባት ይቻላል። ከሌላ ባንክ የምትልኩ ከሆነ የማስተላለፊያው ወጪ በላኪው ይሸፈናል፤ እኛ ጋ የሚደርሰው ከላይ ያለው መጠን ሙሉውን መሆን አለበት። በሲፒኦ መክፈል ለሚቀላችሁ፣ ሲፒኦውን በድርጅታችን ስም አሠርታችሁ ደውሉልን፤ መጥተን እንወስዳለን።

እባካችሁ የኢንቮይሱን ቁጥር የክፍያ ምክንያት ላይ መጻፍ አትርሱ። በአንድ ቀን ተመሳሳይ መጠን ከሁለት ደንበኛ ሲገባ የማን እንደሆነ የምንለየው በእሱ ነው። ካስገባችሁ በኋላ የባንክ ስሊፑን ፎቶ በ0911 00 00 47 በቴሌግራም ላኩልን።

ያለን የባንክ ሒሳብ ይህ አንድ ብቻ ነው። "ሒሳባችን ተቀይሯል" የሚል ስልክ ወይም መልእክት ከደረሳችሁ እንዳትከፍሉ፤ መጀመሪያ በላይኛው ቁጥር ደውላችሁ አረጋግጡ። ለሹፌርም ሆነ ለገጣሚ ሠራተኞቻችን በእጅ ገንዘብ እንዳትሰጡ። እነሱ ክፍያ እንዲቀበሉ አልተወከሉም።

ስለ ደረሰኝ

ይህ ሰነድ የክፍያ መጠየቂያ እንጂ የሽያጭ ደረሰኝ አይደለም። ለወጪ ማስረጃም ሆነ ለቫት ማቀናነሻ የሚያገለግለው ከካሽ ሬጅስተር ማሽን የሚወጣው ደረሰኝ ነው። የቀብዱን ደረሰኝ ኅዳር 12 ተቀብላችኋል። የቀሪው ክፍያ ደረሰኝ ገንዘቡ በገባበት ዕለት ተቆርጦ ከነአታችመንቱ ካፌው ድረስ ይመጣላችኋል።

ክፍያ ቢዘገይ

በጥር 29 መክፈል የሚያስቸግራችሁ ነገር ካለ ቀኑ ሳይደርስ ንገሩን። ለሁለት ተከፍሎ ቢከፈል እንስማማለን፤ ስምምነቱ ግን በጽሑፍ ይሁን። ቅጣት ወይም ወለድ አንጠይቅም። የሚቀጥለውን የዋንዛ ጣውላ የምንገዛው በዚህ ገንዘብ ስለሆነ፣ መቼ እንደሚገባ ማወቅ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

ዋስትና

ለእንጨቱ፣ ለብየዳውና ለመገጣጠሚያው ከርክክቡ ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓመት ዋስትና እንሰጣለን። ወንበር ከተነቃነቀ፣ መሳቢያ ከከበደ ወይም ማጠፊያ ከላላ ደውሉ፤ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ መጥተን ያለ ክፍያ እናስተካክላለን። የሌዘር መቀመጫ መቀደድና በውኃ የሚመጣ ጉዳት ዋስትናው ውስጥ አይገባም።

ስለ ውኃ ካነሳን አይቀር፦ ወለል ሲታጠብ ወንበሮቹን አንሱልን። ዋንዛ ጠንካራ እንጨት ቢሆንም እግሩ ሥር ውኃ በየቀኑ ከተኛበት ቫርኒሹ ይነሳል። ጠረጴዛውን በረጠበ ጨርቅ ጠርጎ ወዲያው በደረቅ መድገም ይበቃል፤ በረኪና በፍጹም አይንካው። በረንዳ ላይ ያሉትን ሁለት ጠረጴዛዎችም ከቀትር ፀሐይ ብታስጠልሉልን ቀለማቸውን ይዘው ይቆያሉ።

በስሌቱ ላይ የማይገባችሁ ወይም የማትስማሙበት ነገር ካለ እስከ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. አሳውቁን፤ አርመን አዲስ ኢንቮይስ እንልካለን።

ከአክብሮት ጋር፣

ተስፋዬ
ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ፣ ዝግባ የቤትና የቢሮ ዕቃዎች ማምረቻ
ፊርማና የድርጅቱ ማህተም አለው

አባሪ፦ የርክክብ ሰነድ ኮፒ (1 ገጽ)፣ የውሉ ኮፒ (2 ገጽ)