የማሙሽ የሳምንት ጥናት ፕሮግራም፣ ከሙከራ ፈተናው ከሞክ እስከ ኬንያው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና እስከ ኬሲኤስኢ

ማሙሽ፣ የሞክ ውጤትህን ቁጭ ብዬ አየሁትና ይህን አወጣሁልህ። ፕሪንት አድርገህ ከጠረጴዛህ በላይ ለጥፈው። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ናይሮቢም በስዋሂሊ እንደኛ ስለሚቆጥሩ አይምታታብህም።

መጀመሪያ ነጥቡን እንይ። እንግሊዝኛ ቢ (9)፣ ጂኦግራፊ ቢ (9)፣ ባዮሎጂ ቢ ማይነስ (8)፣ ቢዝነስ ሲ ፕላስ (7)፣ ፊዚክስ ሲ (6)፣ ኬሚስትሪ ሲ ማይነስ (5)፣ ሒሳብ ዲ ፕላስ (4)፣ ስዋሂሊ ዲ (3)። ስምንቱንም ትፈተናለህ፣ ግን ከፈረንጆቹ 2023 ወዲህ አማካዩ የሚሰራው በሰባት ነው፦ ሒሳብ ግዴታ፣ ከቋንቋዎቹ የተሻለው አንዱ፣ ከቀሩት ደግሞ አምስት ምርጦች። ስለዚህ ስዋሂሊህ እንዳለ ከድምሩ ይወጣል፤ ሒሳብ ግን ምንም ብትጠላው ከላይህ አይወርድም። የሰባቱ ድምር 48 ነው፣ ሲ ፕላስ። የቢ ማይነስ መነሻ 53። አምስት ነጥብ ብቻ ነው የጎደለህ፦ ሁለት ከሒሳብ፣ ሁለት ከኬሚስትሪ፣ አንድ ከፊዚክስ። ጂኦግራፊን ስለምትወደው ማታ ማታ እሱን ይዘህ የምትቀመጠውን ነገር አውቃለሁ፣ ይቅር።

ሰኞ። ከ1 እስከ 2 ሰዓት ሒሳብ፣ ከዚያ ሻይ፣ ከዚያ ባዮሎጂ 40 ደቂቃ። የሰኞው ሒሳብ የፈተና ወረቀቱ ክፍል አንድ ብቻ ነው፤ 16ቱ አጫጭር ጥያቄዎች ሁሉም ግዴታ ናቸው፣ 50 ማርክም እዚያ አለ። በአንድ ማታ ስምንት ጥያቄ ይበቃል። ስራህን በየእርምጃው ጻፈው፣ እባክህ። መልሱ ቢሳሳት እንኳ ለአካሄዱ ማርክ አለ፤ በሞክህ ላይ ግን መልስ ብቻ ጽፈህ ያለፍካቸው ጥያቄዎች አሉ፣ እነሱ ናቸው ያናደዱኝ።

ማክሰኞ ኬሚስትሪ አንድ ሰዓት፣ እንግሊዝኛ 40 ደቂቃ። ኬሚስትሪው በዚህ ወር ጨው መለየት ይሁን፣ ምክንያቱም ፕራክቲካሉ ብቻውን 40 ማርክ ነው፣ ሰንጠረዡን ደግሞ ያለ ላብራቶሪም ማጥናት ትችላለህ። ለምሳሌ የዚንክም የአሉሚኒየምም ጨው በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነጭ ዝቃጭ ይሰጣሉ፣ አብዝተህ ስትጨምርበት ሁለቱም ይሟሟሉ። የሚለያቸው አሞኒያ ነው፦ አብዝተህ ስትጨምር የዚንኩ ይሟሟል፣ የአሉሚኒየሙ እንዳለ ይቀራል። እንዲህ እንዲህ እያልክ ለእናታችን አስረዳት፣ ባይገባትም ትሰማሃለች።

ረቡዕ እንደገና ሒሳብ፣ አንድ ሰዓት፣ ክፍል ሁለት። ከስምንት አምስት መርጠህ ነው የምትሰራው፣ ስለዚህ ሁሉንም ርዕስ ማሳደድ የለብህም፤ እርግጠኛ የምትሆንባቸውን ስድስት ርዕሶች ያዝ። ከዚያ ፊዚክስ 40 ደቂቃ።

ሐሙስ ፊዚክስ አንድ ሰዓት፣ ቢዝነስ 40 ደቂቃ።

አርብ ስዋሂሊ 40 ደቂቃ፣ በቃ። ከነጥቡ ይወጣል ብዬ ሙሉ በሙሉ እንድትጥለው አልፈልግም፤ ኬሚስትሪው ቢከዳህ መጠባበቂያ የሚሆንህ እሱ ነው። ሰዋስው ላይ አትድከም፣ ናይሮቢ የመጣኸው ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው፣ የስም ምድቦቹን፣ ንጌሊውን፣ በዚህ ጊዜ አትጨርሰውም። ኢንሻ፣ ማለት ድርሰት፣ ጻፍ፣ ለጎረቤታችን ልጅ ስጠው ያርምልህ። ከዚያ ኳስህን እይ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ተኩል አንድ ሙሉ የሒሳብ ወረቀት፣ አንድ ሳምንት ፔፐር ዋን፣ በሚቀጥለው ፔፐር ቱ። ስልኩ ለእናታችን ይሰጥ። ከሰዓት በኋላ በማርኪንግ ስኪሙ ራስህ አርመው፣ ያጠፋኸውንም በቀይ እንደገና ስራው፤ ሳይታረም የተሰራ ወረቀት እንዳልተሰራ ነው የምቆጥረው። ማታ ኬሚስትሪ አንድ ሰዓት፣ የሞል ስሌቱን። ጂኦግራፊህ እዚህ ይግባ፣ 40 ደቂቃ፣ ካርታ ማንበብ ብቻ።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄደህ፣ ምሳ በልተህ፣ ተኝተህ፣ ከ10 እስከ 12 ሰዓት አንድ የሳይንስ ወረቀት። በየሳምንቱ ተራ ይግቡ፦ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ። ኬሚስትሪ ሁለቴ የገባው በስህተት አይደለም።

መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ ትምህርት ቤትም ሊያስመሽህ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ያመለጠውን ወደ ነገ አትግፋው፣ ሁለት ቀን ሳይሞላ ፕሮግራሙ ተደራርቦ ትተወዋለህ። ዝለለውና የዕለቱን ቀጥል። ያመለጠው ሒሳብ ከሆነ ብቻ በጂኦግራፊ ሰዓት ይሰራ።

እሁድ ማታ የቅዳሜውን የሒሳብ ማርክ ከመቶ ላክልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም። ሦስት ሳምንት ተከታትሎ ካልጨመረ ረቡዕ ማታ እኔው ራሴ መጥቼ አብረን እንሰራለን።