ከእርምጃ ወደ ሩጫ፦ የ8 ሳምንት ዕቅድ ለጀማሪዎች

ይህ ወረቀት ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከጠዋቱ 12፡15 ጃን ሜዳ ለምንገናኝ አዲስ ሯጮች ነው። ፍሪጅ ላይ ለጥፉት። የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት፣ ስኳር ወይም አስም ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ፍጥነት

እየሮጣችሁ ማውራት ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና ትንፋሽ ቶሎ ቢያጥራችሁ አይግረማችሁ። አትሌቶች ሽው ብለው ሲያልፏችሁ እግራችሁ ካልተከተልኩ ይላል። ተዉት። እነሱም በቀላል ልምምድ ቀናቸው ቀስ ብለው ነው የሚሮጡት።

በየሳምንቱ

ሁልጊዜ በ5 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ጀምሩ፣ በ5 ደቂቃ ዝግ ያለ እርምጃ ጨርሱ። መሃሉ እንዲህ ነው፦

1ኛ፦ 1 ደቂቃ ሩጫ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ 8 ጊዜ
2ኛ፦ 2 ሩጫ፣ 2 እርምጃ፣ 6 ጊዜ
3ኛ፦ 3 ሩጫ፣ 2 እርምጃ፣ 5 ጊዜ
4ኛ፦ እንደ 2ኛው ሳምንት
5ኛ፦ 5 ሩጫ፣ 2 እርምጃ፣ 4 ጊዜ
6ኛ፦ 8 ሩጫ፣ 2 እርምጃ፣ 3 ጊዜ
7ኛ፦ 12 ሩጫ፣ 2 እርምጃ፣ 2 ጊዜ
8ኛ፦ ማክሰኞና ሐሙስ እንደ 7ኛው፣ ቅዳሜ 20 ደቂቃ ሳያቋርጡ

4ኛው ሳምንት ወደ ኋላ የተመለሰው ሆን ተብሎ ነው። ልብና ሳንባ ቶሎ ይለምዳሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ጊዜ ይፈልጋሉ። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው «አሁንማ ቻልኩ» ባለ ሰሞን ነው። የከበዳችሁን ሳምንት ድገሙት። ያመለጣችሁን ቀን ግን ለማካካስ ብላችሁ በሌላው ቀን ላይ አትደርቡ። የታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ከዚህ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው፤ ቲሸርቱን ቀድሞ መግዛት ይቻላል።

ዕረፍት

ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና እሑድ ሩጫ የለም። ሰውነት ራሱን የሚጠግነው በነዚህ ቀናት ነው። ረቡዕና ዓርብን ያሳረፍነው ለጿሚዎችም እንዲመች ነው። እሑድ በሜዳ ላይ ዘና ብሎ መራመድ ይቻላል፤ እንጦጦ መውጣት ግን ዕረፍት አይባልም።

ከአቅም በላይ ስትሮጡ

ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ ሁለት ጣት አንጓችሁ ላይ አድርጉና የልብ ምታችሁን ለ30 ሰከንድ ቁጠሩ፤ በ2 አባዙት። ቁጥሩን ካላንደር ላይ ጻፉ። ከተለመደው በ10 ያህል ከፍ ብሎ ሁለት ሦስት ቀን ከሰነበተ ሩጫውን አቁሙ። ደክሟችሁ እያለ እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ምግብ ካስጠላችሁ፣ በትንሽ ትልቁ ከተነጫነጫችሁ፣ ጉንፋን ከተመላለሰባችሁ ወይም ደረጃ ስትወጡ እግራችሁ እንደ እርሳስ ከከበዳችሁም እንዲሁ። የሴቶች የወር አበባ መቅረትም ምልክት ነው፤ ሐኪም ይየው።

በማግስቱ ሁለቱም ጭን እኩል ቢዝል ያለ ነው። ቅልጥም ላይ አንድ ቦታ ስትጫኑት ጠቅ የሚያደርግ ሕመም ግን ሌላ ነገር ነው፤ እስክትመረመሩ አትሩጡበት። እየሮጣችሁ ደረታችሁን ከጨነቃችሁ ወይም ራሳችሁን ልትስቱ ከሆነ እዚያው ቁሙ፣ አጠገባችሁ ላለ ሰው ንገሩ፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።