ለስታዲየም ሱቅ፦ በስልክ የሚነበቡ የሰባት ቀፎዎች ቁጥር

ከለገሃር መጋዘን የመጣው ዝርዝር 356041182033609 ተብሎ ሳይከፋፈል የተጻፈ ስለነበር እንደገና ተጽፏል። ከሰዓት ስትደውዪ ከዚህኛው አንብቢ። ጋሼ ሳጥኖቹን ከፊታቸው ደርድረው ይጠብቁሻል። ሳጥኑ ላይ ሁለት ቁጥር ስላለ IMEI1 የሚለውን ብቻ እንዲያዩ ንገሪያቸው፤ ባለ ሁለት ሲም ስለሆኑ ሁለተኛውን ቢያዩ አንዱም አይገጥምም።

ካርቶን 1፣ የማሸጊያ ቁጥር 40 08 71 16
ሁሉም የሚጀምሩት በ356 041 182 ነው። ይህን አንዴ ብቻ አንብቢ፤ ከዚያ፦
ሀ. 033 609
ለ. 077 150
ሐ. 630 065
መ. 360 036

ካርቶን 2፣ የማሸጊያ ቁጥር 40 08 17 61
ሁሉም የሚጀምሩት በ356 041 183 ነው፦
ሀ. 904 121
ለ. 940 125
ሐ. 066 301

የማሸጊያ ቁጥሩን ሁለት ሁለት አድርገሽ፣ ዜሮውን ሳትዘይ፦ «አርባ፣ ዜሮ ስምንት፣ ሰባ አንድ፣ አስራ ስድስት»። «አርባ ስምንት» ካልሽ እሳቸው 48 ይጽፋሉ፣ ሁለት አሃዝም ይጎድላል።

ሦስት ሦስቱን ግን አሃዝ በአሃዝ አንብቢ፦ «ስድስት፣ ሦስት፣ ዜሮ»። «ስድስት መቶ ሠላሳ» አትበዪ። መስመሩ ሲቆራረጥ ስልሳና ሠላሳ አንድ ይመስላሉ፣ የካርቶን 1 ሐ እና መ ደግሞ በትክክል እዚያ ላይ ነው የሚለያዩት። ከእያንዳንዱ ሦስት አሃዝ በኋላ ቆም በዪና ጋሼ ይድገሙልሽ። እሳቸው ሳይደግሙ ወደ ቀጣዩ አትለፊ።

የተጠራጠርሽውን ቁጥር በመደመር ማጣራት ይቻላል። ከግራ 2ኛውን፣ 4ኛውን፣ 6ኛውን እያልሽ እስከ 14ኛው እጥፍ አድርጊ፤ እጥፉ ባለ ሁለት አሃዝ ከሆነ ሁለቱን ደምሪ (16 ሲሆን 7)። ሌሎቹን እንዳሉ ጨምሪ። ጠቅላላው በ0 ካላለቀ አንድ ቦታ ተሳስቷል። የሁሉም የመጀመሪያ ስምንት አሃዞች አንድ ስለሆኑ ድምራቸው ሁልጊዜ 24 ነው፤ የቀሩትን ሰባት ብቻ ትሠሪያለሽ። ለካርቶን 1 ሀ፦

```
24 + 2+0+3+6+6+0+9 = 50
```

ይህ ድምር የማይይዘው ስህተት አለ፦ ጎን ለጎን ያሉ 0 እና 9 ቦታ ቢለዋወጡ ውጤቱ አይቀየርም። ስለዚህ በካርቶን 1 ሀ 609፣ በካርቶን 2 ሀ ደግሞ 904 የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደግሚያቸው።

ወደ ኤክሴል ስታስገቢው ዓምዱን አስቀድመሽ ጽሑፍ አድርጊው፤ አለበለዚያ 3.56041E+14 ሆኖ ይታይሻል፣ ከዚያ ላይ ደግሞ ማንም ማንበብ አይችልም።