ፎቶው ላይ ያላረፈው ማህተም

«ይሄ አይሠራም» አለ የድሬዳዋው ቀበሌ ሠራተኛ፤ ወረቀቱንም በመስኮቱ ሥር መልሶ ገፋው። «ማህተም የለውም።»

ሰናይት ወረቀቱን ገለበጠችው። ከሐረር ያመጣችው መሸኛ ነው። ክቡ ማህተም ከታች፣ ከሥራ አስኪያጁ ፊርማ ላይ፣ ሰማያዊ ሆኖ ተቀምጧል። ቲተሩም አለ።

«ጋሼ፣ ይኸው እኮ!»

«እሱን አይቻለሁ። ፎቶሽ ላይ የለም ነው የምልሽ። ቀጣይ!»

ከኋላዋ የቆመው ሰውዬ ፋይሉን በክርኑ አሳልፎ መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። ሐሙስ ነው። ገና ከጠዋቱ 3:00 ሳይሞላ የከዚራ ጥላ ማጠር ጀምሯል። የቀጠራት የትራንዚት ቢሮ የነዋሪነት መታወቂያ እና ዋስ እስከ ሰኞ ካላመጣሽ ቦታውን ለሌላ እንሰጣለን ብሏታል። ስልኳ ውስጥ ፋይዳ አለ፤ ለሠራተኛው አሳየችው፤ አልተቃወመም። ፋይዳ ማን እንደሆነች ይናገራል እንጂ ከቀድሞው ቀበሌዋ መዝገብ መውጣቷን አይናገርም። አንድ ሰው ሐረርም ድሬም ሁለት ቦታ እንዳይመዘገብ የሚከለክለው መሸኛው ነው።

ከግቢው በር ውጭ፣ ከዛፉ ሥር ማመልከቻ የሚጽፉት ሽማግሌ ጠረጴዛቸውን ዘርግተዋል። መነጽራቸው አንድ እግሩ በክር የታሰረ ነው።

«አምጪው እስቲ፣ አቦ!» አሏት ሳትጠይቃቸው። «ፊትሽ ተመልሻለሁ ይላል።»

ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች እንጂ ከማህተሙ ጀምረው አላነበቡትም። የወጪ ቁጥር አለ። ስም እስከ አያት ሙሉ ነው። ለማን እንደተጻፈ ተገልጿል። ፎቶው ላይ ሲደርሱ በጥፍራቸው ጠርዙን ነካ አደረጉት፤ ተነሣ።

«ያውልሽ! ይሄን ልጬ የእህትሽን ብለጥፍበት ማን ያውቃል? ማህተሙ ግማሹ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ካረፈ ግን ፎቶው ሲነሣ ክቡ ይሰበራል። ሰውየው እውነቱን ነው።» ከዚያ ጣታቸው ወደ ላይ ተመለሰ። «እሱ ያልነገረሽ ደግሞ ይሄ ነው። ቀኑን አየሽው? 8 ጽፈው 3 አድርገውታል። ስርዝ ድልዝ ነው። ፎቶውን ብቻ አስመትተሽ ብትመጪ ነገ በዚህ ይመልስሻል።»

«ታዲያ ለምን አሁን አልነገረኝም?»

«መጀመሪያ ያየው ጉድለት ላይ ማንበብ ያቆማል። ሁሉም እንዲያ ናቸው።»

ሊከፈላቸው የሚገባ ሥራ ሠርተዋል፤ ሆኖም ያልጻፍኩበትን አልቀበልም አሉ።

የሐረር ሚኒባስ እስኪሞላ ተጠበቀ። ደንገጎን ሲወጣ በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ ቀዘቀዘ፤ ሐረማያን አልፎ አወዳይ ላይ የጫት ጭነት መንገዱን ዘግቶ ቆየ። ሐረር ስትደርስ ቢሮው ለምሳ ተዘግቷል። የ8 ሰዓቱን መክፈቻ ከደጃፉ የሲሚንቶ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ማህተም ያዥዋ ከምሳ ስትመለስ የመሳቢያው ቁልፍ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ቁልፉ ለሌላ አይሰጥም፤ እሷ ካልመጣች በቢሮው ያለ ሰው ሁሉ ቢፈልግ እንኳ አንድ ወረቀት አይመታም።

ሰናይት ወረቀቱን ስትሰጣት ሁለቱንም ነገር በአንድ ጊዜ ነገረቻት። ፎቶውንም፣ ቀኑንም።

«ፎቶውን አሁን እመታልሻለሁ፤ አንድ ደቂቃ ነው» አለች ሴትዮዋ። «ቀኑን ግን እኔ አልነካውም። ስርዝ ላይ ማህተም ከመታሁ ስርዙን አጸደቅኩት ማለት ነው። ጎኑ ላይ የፈረመው ሰውዬ ይፈርምበትና ቲተሩን ያድርግበት ቢባል እዚህ ያስኬዳል፤ ድሬ ግን ላይቀበሉሽ ይችላሉ። ባይሆን እንደ አዲስ ይጻፍ።»

«እንደ አዲስ ይጻፍልኝ፣ እትዬ።»

«ፎቶ አለሽ?»

ሦስት ነበራት። አንዱ ለአዲሱ መሸኛ፣ አንዱ ለቀሪው፤ ቀሪው ፋይል ውስጥ የሚቀመጠው ኮፒ ነው። መዝገብ ቤቱ የቀድሞውን ቀሪ አውጥቶ ሲያመጣ እሱም ፎቶው ላይ ባዶ ሆኖ ተገኘ። የድሬው ቢሮ ስልክ ደውሎ ይህን መሸኛ ሰጥታችኋል ወይ ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ፣ እዚህ ያለው ማስረጃ እዚያ ካለው የተሻለ አልነበረም። ሴትዮዋ ይህን ስታይ ዝም አለች፤ የባልደረባዋ ሥራ መሆኑ ገብቷታል።

አሮጌው ወረቀት ዝም ብሎ አይጣልም። በላዩ ላይ በሰያፍ «ተሽሯል» ተብሎ ተጻፈበት፣ ከፋይሉ ጋር ታሰረ፤ አለበለዚያ ሁለት መሸኛ በአንድ ሰው ስም ይዞራል። አዲሱ አዲስ የወጪ ቁጥር ወሰደ። ቀኑም የዛሬው ሆነ። የሚቀረው የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ነው፤ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። በዚህ አገር ስብሰባ መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ ጥበቃው ብቻ ነው፤ እሱም «9:30 ይወጣሉ» አለ፣ ወጡም።

ሲፈረም ሴትዮዋ መሳቢያዋን ከፈተች። ማህተሙን ቀለሙ ላይ ጫን አድርጋ አንሥታ ወዲያው ወረቀቱ ላይ አልመታችውም። መጀመሪያ ቁራጭ ወረቀት ላይ ሁለቴ መታችው። የመጀመሪያው ጥቁር ድፍን ሆነ። ሁለተኛው ላይ የዙሪያው ጽሑፍ ተነበበ።

«ቀለም የበዛበት ማህተም ፎቶ ላይ ይሟሟል» አለች። «ፎቶ ወረቀቱ ስለሚያብረቀርቅ አይመጥጥም። ፊትሽ ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ማን መሆንሽ አይለይም፣ ተመልሰሽ ትመጫለሽ።»

አንዱን ፊርማው ላይ አሳረፈች። ሌላውን በፎቶው የታችኛው ቀኝ ጠርዝ፣ አገጯን ሳይነካ፣ ግማሹን ወደ ወረቀቱ አስወጥታ መታች። ቀሪው ላይም እንዲሁ። ከዚያ ሰናይት ልታጥፈው ስትል እጇን ያዘቻት።

«እንዳታጥፊው! እስኪደርቅ በእጅሽ ያዢው። ዝም ብለሽ ቦርሳ ውስጥ ብትከቺው ማህተሙ ሌላው ገጽ ላይ ይገለበጣል።»

ድሬ የገባችው ከመሸ ነው። ዓርብ ከጠዋቱ 2:15 ላይ ተሰለፈች። ዓርብ መስኮቱ ለጁምዓ 5:30 ላይ ስለሚዘጋ ሰልፉ ከሐሙሱ ረዝሟል፤ ከፊቷ ያሉት ሴት ደግሞ ኮፒ ረስተው እየተመላለሱ ነው። ተራዋ ሲደርስ 4:00 አልፏል።

ሰውየው ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዘነበለው። አውራ ጣቱን በፎቶው ጠርዝ ላይ አሳለፈ። ቀኑን አነበበ። መዝገቡን ገለጠ፣ ቁጥሩን ጻፈ።

«ገንዘብ ቤት ከፍለሽ ደረሰኙን አምጪ።»

ከመስኮቱ አልራቀችም። «ጋሼ፣ ከደረሰኙ ሌላ የሚጎድለኝ ካለ አሁን ንገረኝ። ሁሉንም።»

ከኋላ አንድ ሰው «ተራ ጠብቂ እንጂ!» አለ። ሰውየው ቀና ብሎ አያት፤ ሊቆጣ ይመስል ነበር። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠና በጣቱ መቁጠር ጀመረ።

«ደረሰኝ። የምትኖሪበት ቤት የኪራይ ውል፣ ኦሪጅናሉ ከኮፒው ጋር። አከራይሽ ራሱ ይምጣ፣ መታወቂያውን ይዞ፤ በስልክ አላናግረውም። ሁለት ፎቶ፣ ሦስት በአራት።»

«ፎቶ አንድ ነው የቀረኝ።»

«መንገዱን ተሻግረሽ ፎቶ ቤት አለ። አከራይሽን ግን አሁን ደውዪለት፤ 5:30 ከዘጋሁ በኋላ እስከ ከሰዓት አልከፍትም።»