የመምህራን ገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የ2018 በጀት ዓመት ዕቅድ

ዘመኑ፦ ከሐምሌ 1 ቀን 2017 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2018 ዓ.ም.
አቅራቢ፦ የሥራ አመራር ኮሚቴ፣ ለጠቅላላ ጉባኤ

ቁጠባና ዕጣ

ዓመቱን የምንጀምረው በ412 አባላትና በ9,600,000 ብር ቁጠባ ነው። 38 አዲስ አባላት እንቀበላለን። ከደመወዝ የሚቆረጠው መደበኛ ቁጠባ በአማካይ 420 አባላት በወር 600 ብር ሲቆጥቡ 3,024,000 ብር፣ የፍላጎት ቁጠባ 480,000 ብር ይሆናል። በጡረታና በዝውውር የሚለቁ አባላት 904,000 ብር ያወጣሉ። በዓመቱ መጨረሻ ቁጠባው 12,200,000 ብር ይደርሳል። አዲስ አባላት እያንዳንዳቸው በ4,000 ብር ዕጣ ሲገዙ 152,000 ብር ይገኛል።

ይህ ሁሉ ገንዘብ የአባላት ነው። ከዚህ አንድ ብር እንኳ ለደመወዝ ወይም ለኪራይ አይነካም፤ ስለዚህ ከታች ባለው ገቢ ውስጥ አልገባም።

ገቢ (በብር)

| | |
|---|---|
| የብድር ወለድ | 1,396,500 |
| የባንክ ተቀማጭ ወለድ | 105,000 |
| የብድር አገልግሎት ክፍያ (የ6,000,000 ብር 1 በመቶ) | 60,000 |
| የመመዝገቢያ (38 × 300) | 11,400 |
| ድምር | 1,572,900 |

በአባላት እጅ የሚቆየው ብድር በአማካይ 10,500,000 ብር ነው፤ በ14 በመቶ 1,470,000 ብር ወለድ ያስገኛል። እኛ የያዝነው 95 በመቶውን ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ሦስት ተበዳሪዎች ሲዘገዩ ዋሶቻቸው ከራሳቸው ደመወዝ ከፍለዋል። ከዋሶቹ አንዷ የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ አዘግይታ ነው የከፈለችው። ያልተሰበሰበን ወለድ በእርግጠኛ ገቢነት መመዝገብ እንዲህ ላሉ አባላት ደግ አይደለም።

ወጪ (በብር)

| | |
|---|---|
| የቁጠባ ወለድ (የ10,900,000 ብር 7 በመቶ) | 763,000 |
| የሒሳብ ሠራተኛና የገንዘብ ያዥ ደመወዝ | 198,000 |
| የአሠሪ የጡረታ መዋጮ (11 በመቶ) | 21,780 |
| ለአጠራጣሪ ብድር መጠባበቂያ | 105,000 |
| የቢሮ ኪራይ | 60,000 |
| ጠቅላላ ጉባኤ | 35,000 |
| ደብተር፣ ደረሰኝና የጽሕፈት ዕቃ | 28,000 |
| የኮሚቴ ሥልጠና | 24,000 |
| ስልክና ትራንስፖርት | 14,400 |
| ድንገተኛ ወጪ | 20,000 |
| ድምር | 1,269,180 |

ቢሮውን ወደ ዋናው መንገድ እንድናዛውር የቀረበውን ሐሳብ አልተቀበልነውም። ደመወዝ በሚወጣበት ሳምንት በአንዲት መስኮት ፊት መሰለፍ አድካሚ መሆኑን እናውቃለን፤ ይሁንና የተጠየቀው ኪራይ የአሁኑን ሦስት እጥፍ ነው። በምትኩ በዚያ ሳምንት ሁለተኛ መስኮት እንከፍታለን፤ የሒሳብ ሠራተኛው ቁጠባ ይመዘግባል፣ ገንዘብ ያዡ ብድር ይሰጣል።

የሚጠበቀው የተጣራ ትርፍ 303,720 ብር ነው። በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት 30 በመቶው፣ ማለትም 91,116 ብር፣ ለመጠባበቂያ ይቀመጣል። የቀረው 212,604 ብር የሚከፋፈለው ሒሳቡ ከተመረመረ በኋላ ነው። ኮሚቴው አፈጻጸሙን በየሩብ ዓመቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጥፋል፤ ማንኛውም ወጪ ከተያዘለት በላይ ከመውጣቱ በፊት የቁጥጥር ኮሚቴው በጽሑፍ ይጠየቃል።