ለእትዬ አልማዝ፦ ከታኅሣሥ 17 እስከ 20 በብሎኩ ግሩፕ የተወሰነውና ያልተወሰነው

እትዬ አልማዝ፣ እንኳን ለቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል አደረስዎ። ስለትዎን ይቀበልልዎ።

ኔትወርክ ሲያገኙ ግሩፑ ላይ ከአራት መቶ በላይ መልእክት ይጠብቅዎታል። እባክዎ ከላይ ጀምረው አያንብቡት። ዓርብ የተባለው ቅዳሜ ተሽሯል፤ ቅዳሜ የተባለውም እሑድ ማታ ተቀይሯል። እስከ ዛሬ ሰኞ ታኅሣሥ 20 ማታ ድረስ ጸንቶ ያለውን ለይቼ ጽፌልዎታለሁ። አቶ ደረጄም አንብበው ትክክል ነው ብለዋል። ሰዓቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ እርስዎ ዓርብ ሌሊት በወጡበት ሰዓት የውሃ ፓምፑ ተቃጥሏል። ከሁለተኛ ፎቅ ጀምሮ ወደ ላይ ውሃ የለም። አዲስ ፓምፕ እንዲገዛ ተወስኗል፤ ገናን ያለ ውሃ እንዳንውል ዓርብ ታኅሣሥ 24 መተከል አለበት። ይህ እንዲሆን ደግሞ የእርስዎ ፊርማ ያስፈልጋል።

ከእርስዎ የሚጠበቀው

ረቡዕ ታኅሣሥ 22 ጠዋት 3 ሰዓት ከአቶ ደረጄ ጋር ባንክ መገኘት። የባንክ ደብተሩንና መታወቂያዎን ይያዙ፤ ማኅተሙ እኔ ጋ ስላለ ማክሰኞ ማታ ለአቶ ደረጄ እሰጣቸዋለሁ። የሚወጣው በሒሳቡ ያለው 22,000 ብር በሙሉ ነው። ቁጥሩን የወሰድኩት ከኅዳር ሪፖርትዎ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የወጣ ወይም የገባ ካለ ዛሬውኑ ይንገሩኝ፤ ስሌቱ ሁሉ በእሱ ላይ ነው የቆመው።

የረቡዕ ቀጠሮ የማይገፋበት ምክንያት አለው። የተመረጠው ፓምፕ ዋጋ የሚጸናው እስከ ሐሙስ ታኅሣሥ 23 ነው፤ ነጋዴው ከዚያ በኋላ በዚህ ዋጋ እንደማይሸጥ ፕሮፎርማው ላይ ጽፎታል። መኪናው ከዘገየና ማክሰኞ ማታ እንደማይደርሱ ካወቁ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ይደውሉልኝ። ያኔ አቶ ደረጄ ከኪሳቸው 10,000 ብር ቀብድ ያስይዛሉ፤ እርስዎ ሲመጡ ይተካላቸዋል። ይህ ግሩፑ ላይ ተነግሮ ማንም አልተቃወመም።

ሁለተኛው፣ ሰላም የሰበሰበችውን መዋጮ ዝርዝር ረቡዕ ማታ ተረክበው በደረሰኝ ማወራረድ። እርስዎ ስላልነበሩ ገንዘቡ ለጊዜው በእሷ ቴሌብር እየገባ ነው። እያንዳንዱን ክፍያ በቤት ቁጥር እየመዘገበች ስለሆነ አያስቸግርዎትም።

ስለ ፓምፑ የተወሰነው

ዓርብ ቢኒያም ኤሌክትሪሻን አምጥቶ ሞተሩን ከፍተውታል። ጥቅሉ ሙሉ በሙሉ ነዷል። በፈረቃ የሚመጣው ውሃ በዚያ ሌሊት ሳይመጣ ቀርቶ የመሬቱ ታንከር ባዶ ሆነ፤ ፓምፑ ግን ያለ ውሃ ሲዞር አደረ። ውሃ ሲያልቅ ፓምፑን የሚያጠፋው ፍሎተር መበላሸቱ በኅዳር ተነግሮ ነበር።

ማስጠቅለል 13,000 ብር ይበቃ ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት ድረስ ብዙ ሰው ወደዚያ አዘንብሎ ስለነበር ያንን ካነበቡ ያለፈ ነው። ሐሳቡን የቀየረው ባለሙያው ራሱ ነው፦ ሞተሩ ባለፈው ክረምትም ተጠቅልሏል፣ አሁን ቢጠቀለል ከሦስት ወር በላይ ዋስትና አልሰጥም አለ። እሑድ ማታ አዲስ ይገዛ ተባለ።

ወጪው እንዲህ ተሰልቷል፦ ፓምፑ 48,500፣ ፍሎተር 1,800፣ ለመቆጣጠሪያ ሳጥኑ የሚያስፈልጉ ዕቃዎች 4,700፣ የእጅ ዋጋ 6,000፤ በድምሩ 61,000 ብር። በደንባችን ከ20,000 ብር በላይ ለሆነ ግዢ ሦስት ፕሮፎርማ ያስፈልጋል፤ በእጃችን ያለው ሁለት ነው፣ የ48,500ውና የ53,200ው። ሦስተኛውን ቢኒያም ነገ ማክሰኞ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ከመርካቶ ያመጣል። ከ48,500 በታች የሆነ ተመሳሳይ ጉልበትና ዋስትና ያለው ካልተገኘ ሌላ ውይይት ሳያስፈልግ የመጀመሪያው ይገዛል።

ገዢዎቹ አቶ ደረጄና ቢኒያም ናቸው፤ ሐሙስ ጠዋት ይሄዳሉ። ተከላው ዓርብ ከ3 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ነው፤ በዚያ ጊዜ የደረጃውና የግቢው መብራት ይጠፋል፣ የየቤቱ አይጠፋም። የባለሙያው 6,000 ብር የሚከፈለው ፓምፑ አንድ ሌሊት ሠርቶ ከታየ በኋላ ቅዳሜ ነው። ያለ ደረሰኝ የሚመጣ ዕቃ እንዳይወራረድ ለቢኒያም ነግሬዋለሁ።

ስለ መዋጮው

በቤት 1,500 ብር፣ ለ30ው ቤት እኩል፤ የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ ታኅሣሥ 25። ዓርብ የተጻፈው 2,000 ብር ተሽሯል። ሁለት ቤቶች 2,000 አስገብተው ስለነበር ትርፉን 500 ብር ሰላም መልሳላቸዋለች። 45,000 መዋጮና 22,000 የሒሳቡ ሲደመር 67,000 ይሆናል፤ ከወጪው በኋላ 6,000 ብር ካዝና ይቀራል።

እስከ ዛሬ ማታ የከፈሉት 11 ቤቶች ናቸው፤ 16,500 ብር። ለፓምፑ ብቻ ሐሙስ 48,500 መያዝ ስላለብን፣ እስከ ረቡዕ ማታ ቢያንስ ሌላ 7 ቤት መክፈል አለበት። ሰላም ነገና ከነገ ወዲያ ማታ ማታ በር ለበር ትዞራለች።

ትልቁ ክርክር የነበረው እዚህ ላይ ነው። መሬት ላይና አንደኛ ፎቅ ያሉት ውሃ ያለ ፓምፕ በራሱ ግፊት ስለሚደርሳቸው ለምን እኩል እንከፍላለን አሉ። አቶ ግርማ በግልጽ ጽፈውታል፦ «እኔ ሳልጠቀምበት የምከፍለው ጎረቤት ስለሆንን እንጂ ግዴታዬ ስለሆነ አይደለም።» ከላይ ያሉት ደግሞ ጣሪያው ሲያፈስ አራተኛ ፎቅ ብቻውን አልጠገነም ብለው መለሱ። እሑድ ማታ ድምፅ ተሰጠ፤ 19 ቤት እኩል፣ 5 ቤት በፎቅ፣ 6 ቤት ዝም። አቶ ግርማ ይከፍላሉ፤ ተቃውሟቸው ግን ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍር ጠይቀዋል፣ አስፍሬዋለሁ። ሲያገኟቸው በደንብ ቢያነጋግሯቸው ጥሩ ነው፤ የተከፉት በብሩ ሳይሆን አንዳንዶች በመለሱላቸው መልስ ይመስለኛል፣ ልክም ናቸው።

የኪራይ ቤቶችን በተመለከተ፣ ፓምፕ የቤቱ ንብረት ስለሆነ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው ተብሏል። ተከራይ ቀድሞ ከከፈለ ከኪራዩ ይቀንሳል። ይህን የሚገልጽ ደብዳቤ እኔ ጽፌ ነገ ማታ ለሁሉም አከራዮች እልካለሁ። ዱባይ ያለው ሳሙኤል ወዲያው ተስማምቶ «ረቡዕ በ10 አስገባለሁ» ብሏል። ደውዬ አረጋግጫለሁ፤ የእነሱ ጠዋት 10 ማለቱ ነው፣ እዚህ 3 ሰዓት። ስለዚህ ባንክ እያላችሁ ሊገባ ይችላል፤ የ23 ቁጥር ቤት ብለው ይመዝግቡት።

አንድ ነገር ለእርስዎ ብቻ። መሬት ላይ ያሉት እማማ ጡረታቸው ይህን እንደማይችል ያውቃሉ። ድርሻቸውን አቶ ደረጄ ይከፍሉላቸዋል። ዝርዝሩ ላይ እንደማንኛውም ቤት «ተከፍሏል» ተብሎ ነው የሚገባው፤ ግሩፑ ላይ እንዳይነሳ አደራ።

ስለ ጋሽ ታደሰ

ይህንን ከሌላው አስረዝሜ የምጽፈው፣ ግሩፑን ቢያነቡት ስለሚያዝኑ ነው። ዓርብ ጠዋት ጥፋቱ በሙሉ በጥበቃው ላይ ተጣለ። ፓምፑን አብርቶ ተኝቷል፣ ከደመወዙ ይቆረጥ የሚሉ መልእክቶች ተከታትለው መጡ፤ አንዱማ ከሥራ ይሰናበት እስከማለት ደረሰ። ጋሽ ታደሰ ግሩፑ ውስጥ ስለሌሉ መልስ መስጠት አልቻሉም። ቅዳሜ አቶ ደረጄ ወርደው ጠየቋቸው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ያበሩት እንደ ወትሮው ነው፤ ታንከሩ ሲሞላም ሆነ ሲጎድል በራሱ ይጠፋል ተብለው ስለተነገራቸው ነው የተዉት። ፍሎተሩ መበላሸቱን ማንም አልነገራቸውም።

ስለዚህ ከደመወዛቸው ምንም አይቆረጥም። ይህ ተወስኗል፣ ቃለ ጉባኤ ላይም አለ፤ የታኅሣሥን ደመወዝ ሲከፍሉ ሙሉውን ይክፈሉ። አቶ ደረጄ ራሳቸው ይህን በድምፅ ቀርጸው ለሁሉም አሰምተዋል፤ የዓርቡን መልእክት ከጻፉት ሁለቱ ወርደው ጋሽ ታደሰን ይቅርታ ጠይቀዋል። ከዚህ በኋላ ፓምፑ የሚበራበትና የሚጠፋበት ሰዓት በደብተር ይመዘገባል፤ ቢኒያም ቅዳሜ አዲሱን አሠራር ያሳያቸዋል፣ ደብተሩን እኔ እገዛለሁ።

እስከ ዓርብ ያለው ውሃ

ቦቴ ማስመጣት ታስቦ ቀርቷል፤ ያለ ፓምፕ ወደ ላይ አይወጣምና። ጋሽ ታደሰ የመሬቱን ታንከር ጠዋት ከ12 እስከ 2፣ ማታ ከ11 እስከ 1 ይከፍታሉ፤ ለአንድ ቤት በአንድ ጊዜ ሁለት ጀሪካን። ለአቅመ ደካሞች የሦስተኛና የአራተኛ ፎቅ ልጆች ያወጣሉ። የእርስዎም ቤት ተሞልቷል፤ ልጅዎ በረንዳው ላይ አራት ጀሪካን አስቀምጣለች።

ገና ያልተወሰነ

ወርሃዊ ክፍያው ከ100 ወደ 150 ብር ይደግ የሚል ሐሳብ ተነስቷል፤ አልጸደቀም። የሚመክርበት ስብሰባ እሑድ ጥር 3 ከቅዳሴ በኋላ 5 ሰዓት ግቢው ውስጥ ነው። ለዚያ ቀን የዓመቱን ገቢና ወጪ በአንድ ገጽ ቢያዘጋጁልን ክርክሩ ያጥራል፤ ለመጻፉ እኔ አለሁ። ለትርፍ የሚሆን ሁለተኛ ፓምፕ ይገዛ የሚለውም ለዚያው ቀን ተላልፏል።

የገና ቅርጫ ወሬ መሐል መሐል ገብቶበታል። የሚመዘግቡት አቶ ግርማ ናቸው፤ እስከ ዓርብ ማታ። እርስዎ ሳይወስኑ ስምዎን ማስገባት ስላልፈለግሁ አንድ መደብ ያዙልኝ ብዬአቸዋለሁ፤ ካልፈለጉ ለሌላ ይሰጣሉ።

አሁን መልስ የምፈልገው ለሁለት ነገር ብቻ ነው፦ 22,000ው ልክ መሆኑን፣ ነገ ከድሬዳዋ ስንት ሰዓት እንደሚነሱ። ሌላውን ሲመጡ እንነጋገርበታለን። በሰላም ይግቡ።

ሄለን፣ የኮሚቴው ጸሐፊ